ከአሥራ ሦስት የሚነሳ ውሃ

ጨንቻ ላይ በማለዳ ገላውን የሚታጠብ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ያበደ፣ ሌላው የአበጋዝ ደንበኛ። ብርዱ እንዲህ ነው፦ ጉሙ ከቀርከሃው መሃል ተነሥቶ ማንንም ሳያስፈቅድ ቤት ይገባል፣ ሰውን ከአልጋው አስነሥቶ ራሱ ይተኛበታል። ስለዚህ ከገበያው ዝቅ ብለው የቆሙት የአበጋዝ ሦስት የቆርቆሮ ክፍሎች በገበያ ቀን ሰልፍ አያጡም። ሸማኔው ጋቢውን ከመሸጡ በፊት፣ ቅቤ ነጋዴዋ ቅቤዋን ከሸጠች በኋላ፣ ሙሽራው ከሠርጉ ዋዜማ፣ አማቾቹን ሊጠይቅ የሚሄደውም እግረ መንገዱን፣ ሁሉም እዚያ ታጥቦ ያልፋል።

ሙቅ ውሃ ግን ከሰማይ አይዘንብም። ከክፍሎቹ ጀርባ በሦስት ትልልቅ ድንጋዮች ላይ የተቀመጠ የሁለት መቶ ሊትር በርሜል ነበር። ከበርሜሉ ሥር ባሕር ዛፍ ይነድዳል፤ ከባሕር ዛፉ ፊት አበጋዝ ተንበርክኮ እፍ ይላል። እንጨቱ ደረቅ የሆነበት ዓመት ያለ አይመስልም፤ ጨንቻ ምን ደርቆ ያውቃል! ጭሱም ሄዶ ሄዶ የሚያርፍበት አያጣም። አበጋዝ ዓይን ላይ ነው የሚያርፈው።

ልጁ አርሴማ ሃያ ዓመቷ ነው። ሳሙና የምታድለው፣ ፎጣ የምታከራየው፣ «አንተ ውስጥ ያለኸው፣ ዘፈንህን ጨርሰህ ነው ወይስ ውሃዬን?» እያለች በር የምትደበድበው እሷ ናት። ምላሷ ስለት አለው፤ ደግነቱ ሰገባውም አብሮት ነው። እናቷ ልክነሽ የሞተችው አርሴማ ገና ጡት ጠብታ ሳትጠግብ ነው፤ አጥቦም አልብሶም ያሳደጋት አባቷ ነው።

ታዲያ አንድ ማለዳ አበጋዝ ከምድጃው ቀና ብሎ ምሰሶው ላይ የተሰቀለውን የራሱን ካፖርት ጓደኛው መስሎት «እንደምን አደርክ ይፍሩ?» አለው። ካፖርቱ ዝም አለ። «ምን ሆነሃል፣ ተኳርፈናል እንዴ?» አለ አበጋዝ። አርሴማ ሳቀች። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሳሙና ላመጣ ብላ ጓዳ ገባችና ሳሙናውን ታቅፋ አለቀሰች።

የጤና መኮንኑ ነገሩን ሳያሽሞነሙን ነገራት፦ «አባትሽ ዓይኑን ከፈለገው ጭሱን ይተው። ጠብታ ልሰጠው እችላለሁ፤ ግን በአንድ እጅ እያጠቡ በሌላው ማቆሸሽ ነው።»

አበጋዝ ግን ወይ ፍንክች። «ጭሱን ልተውና ደንበኛውን በምን ላጥበው? በምራቄ?»

አርሴማ ያኔ ነው ሶፎንያስን ያሰበችው። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊትም ታስበው ነበር፤ ግን ይኼኛው ለሥራ ነው።

ሶፎንያስ ከአርባ ምንጭ አጠገብ ቆላው ላይ ያለችው የላንቴ ልጅ ነው፣ ሙዝ ውስጥ ያደገ። አርባ ምንጭ ኤሌክትሪክ ተምሮ ተመረቀ፤ ሥራ እስኪገኝ እያለ እዚያው ከተማ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ የሰው ቤት መስመር ይዘረጋል፣ የፔንሲዮኖችን ውሃ ማሞቂያ ይተክላል። አርሴማ አንድ ዓመት እዚያ ስትማር ማብሪያ ልትገዛ እሱ ዕቃ ከሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ገብታ ነው የተዋወቁት። ዋጋ ስትከራከረው ቆይታ በመጨረሻ ማብሪያውን በነፃ ሰጣት፤ በነፃ ስለሰጣትም «ታዲያ ቀድሞውንም ዋጋ የለውም ማለት ነዋ» ብላ ሰደበችው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ እየሞቀ ሄደ። አባቷ አያውቅም። ወይም አያውቅም ብላ ታስባለች።

ሶፎንያስ መጥቶ አበጋዝ ፊት ሲቀመጥ ጉልበቱ ላይ እጁን አስቀምጦ ነበር፣ እንደ ተማሪ።

«ጋሽ አበጋዝ፣ ነገሩ እንዲህ ነው» አለ። «ውሃ ስስታም አይደለም፤ የሚበላው የታወቀ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ዲግሪ እንዲሞቅ አራት ነጥብ ሁለት ኪሎጁል ይፈልጋል። የእርስዎ በርሜል ሁለት መቶ ሊትር ነው። ለገላ የሚስማማው አርባ ዲግሪ ነው። ውሃው ከሃያ ስድስት ይነሳል እንበል፤ እኔ የምተክላቸው ማሞቂያዎች ሁሉ ከዚያ ነው የሚነሱት፣ ለክቼዋለሁ። ስለዚህ የሚወጣው አሥራ አራት ዲግሪ ነው። ሁለት መቶ በአሥራ አራት፣ በአራት ነጥብ ሁለት ሲባዛ አሥራ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ስልሳ ኪሎጁል።»

«ይኼ ሁሉ ሺህ ብር ነው?» አለ አበጋዝ ደንግጦ።

«አይ፣ አይ! ብር አይደለም። ቆጣሪዎ ላይ አንድ ቁጥር የሚያልፈው ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ኪሎጁል ሲበላ ነው። ኪሎዋት ሰዓት የሚሉት እሱን ነው። ስለዚህ በርሜሉ የሚበላው ሦስት ከሩብ ቁጥር ገደማ ነው። አንዱን ቁጥር አራት ብር ያድርጉት፤ አሥራ ሦስት ብር።»

«ለአንድ ሰው?»

«ለበርሜሉ! አንድ ሰው አንድ ባልዲ፣ ሃያ ሊትር ቢጨርስ አሥር ሰው ይታጠብበታል። ለአንድ ሰው ብር ከሰላሳ ይደርሳል። ማሞቂያው ሦስት ኪሎዋት ስለሆነ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቀ፣ ደቂቃዎች ቢጨምር ነው።»

አበጋዝ ለዚያ በርሜል የመቶ ሃያ ብር እንጨት ነበር የሚማግደው። ሶፎንያስን አየ፣ ማለት ሶፎንያስ አለበት ወደሚለው አቅጣጫ አየ። ከዚያ ወደ አርሴማ ዞረ፤ እሷ ጣሪያውን እያየች ነበር።

«አንድ የገበያ ቀን እሰጥሃለሁ» አለ። «ደንበኛዬ ታጥቦ፣ አመስግኖ ከወጣ እሳቱን ለዘላለም አጠፋዋለሁ። ደንበኛዬ እየተንቀጠቀጠ ከወጣ ግን የመብራት ወሬ በዚህ ቤት ሁለተኛ አይነሳም። አንቺም አርሴማ፣ ስለ ዓይኔ ሁለተኛ አታነሺብኝም። ተስማማን?»

«ተስማማን» አለች አርሴማ። ያላት ምርጫም እሱ ብቻ ነበር። አባቷ ቃሉን እንደማያጥፍ ታውቃለች፤ ያስፈራትም ያው ነው።

በገበያው ዋዜማ ሶፎንያስ አዲስ በርሜል ይዞ መጣ፣ ከአሮጌው አጠገብ በእንጨት አልጋ ላይ አቆመው። ማሞቂያውን በጎኑ አስገባ፤ የመሬት ሽቦውን በጥልቅ ቀበረ፤ ማብሪያውን ግድግዳ ላይ ከዝናብ ሸሽጎ አሰረ። «ይህ ማብሪያ ሳይጠፋ ማንም ውሃው ሥር አይገባም» እያለ ለአርሴማ ሦስት ጊዜ ደገመላት። እሷም «ሦስተኛውን ለራስህ ነው የነገርከው» አለችው። እሱ ዕቃውን ሰብስቦ ዘመድ ቤት ሊያድር ሲሄድ እሷ ከምንጭ በሚመጣው ቧንቧ ላይ ጎማ ሰክታ ሞላችው። ውሃው ደጅ አደረ። ጨንቻ ደጅ።

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ማብሪያው ተጫነ። አበጋዝ እጁን ከኋላ አጣምሮ ቆመ። ለወትሮው በዚህ ሰዓት እፍ እያለ የሚያስል ሰው ምንም ሥራ ማጣቱ ግራ ገብቶታል። በርሜሉን ዞሮ ዞሮ «ምንም ድምፅ የለውም፣ እንደምን አውቃለሁ መሥራቱን?» አለ።

«ቆጣሪው እየዞረ ነው፣ ጋሽ አበጋዝ።»

«ቆጣሪማ ምን ጊዜ ቆሞ ያውቃል?»

አንድ ሰዓት ሲሆን ሰልፉ ሞልቶ ነበር። ፊተኛው ይፍሩ ነው፣ ሸማኔው፣ የአበጋዝ የልጅነት ጓደኛ። ከኋላው ቅቤ ነጋዴዋ እትዬ ሙሉዬ። ሶፎንያስ ማብሪያውን አጠፋ። ይፍሩ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ገባ፤ ልብሱን ሲያወልቅ እያፏጨ ነበር። ቧንቧው ሲከፈት ፉጨቱ ተቋረጠ።

«ወይኔ ወገኖቼ!»

«ምን ሆንክ?» አለ አበጋዝ ከውጭ።

«አበጋዝ! ሻወር መስሎኝ ነበር፣ ለካ ጥምቀት ነው! ቄሱ የታሉ?»

ሰልፉ ሳቀ። ይፍሩ ፎጣውን አገልድሞ፣ አረፋው ጆሮው ላይ እንደተንጠለጠለ ብቅ አለ፤ ጥርሱ የመኪና ሞተር ይመስላል። «በረዶ አይደለም፣ አልዋሽም» አለ። «ግን ለብ ያለም አይደለም። ሐሳቡን ያልወሰነ ውሃ ነው።»

እትዬ ሙሉዬም እጇን አስገብታ አወጣች። «አይ አበጋዝ፣ እኔ በዚህ ታጥቤ ሳንባዬን አልቀብርም። እሳትህ ምን በደለህ?»

ሶፎንያስ የሞተ ሰው መሰለ። እጁ ላይ ያለውን ሰዓት አየ፣ ማሞቂያውን ነካ፣ ሽቦውን ተከተለ፣ ተመልሶ ሰዓቱን አየ። «ሠርቷል» ይላል ለራሱ። «አንድ ሰዓት ሙሉ ሠርቷል። ሦስት ቁጥር በልቷል። የት ሄደ?»

አበጋዝ አልተናደደም። ቢናደድ ይሻል ነበር። «ልፋትህን እግዜር ይቁጠርልህ፣ ልጄ» አለ ቀስ ብሎ። «አንተም ሞከርክ፣ እኔም ቃሌን ጠበቅሁ።» ከዚያ ወደ አሮጌው በርሜል ሄደ፤ ጎንበስ አለ፤ በዳበሳ ጭራሮውን ፈልጎ ደረደረ። ክብሪት ጫረ። ጭራሮው እሳቱን ከመያዙ በፊት ጭሱን ያዘ። አበጋዝ ተንበረከከና እፍ አለ፤ ሳለ፤ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ፤ ደግሞ እፍ አለ።

አርሴማ ያንን አየች። ካፖርቱን አስታወሰች። አጠገቧ የነበረውን ባልዲ ከአዲሱ በርሜል ሞላችና ሄዳ ጭራሮው ላይ ቸለሰችው።

ሽሽሽ አለ። አበጋዝ እንደተንበረከከ ቀረ፤ ቅንድቡ ላይ አመድ አለበት።

«አርሴማ!»

«አቤት።»

«እሳቴን አጠፋሽው።»

«አጠፋሁት። ምታኝ ከፈለግህ፤ ግን መጀመሪያ አግኘኝ፤ የት እንደቆምኩ ታየኛለህ?»

ክፉ ንግግር ነው፤ ከአፏ ሲወጣ እሷም አወቀችው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የእትዬ ሙሉዬ ቅርጫት ሙሉ ቅቤ እንኳ አይበቃውም። ሄዳ አጠገቡ ተንበረከከችና አመዱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። እጇ ከባልዲው እንደረጠበ ነው። እዚያ ላይ ነው አንድ ነገር ትዝ ያላት።

«ሶፎንያስ» አለች፣ ሳትነሳ። «ይኼ ውሃ አሁን የእናትህን ቤት ቧንቧ ነው የሚመስለው።»

«ምን?»

«ላንቴ፣ ሙዙ ውስጥ ያለውን። አቧራዬን ስታጠብ ማን አሞቀላችሁ ብዬ የሳቃችሁብኝ። ልክ እሱን ነው። ከእሱ የሞቀም አይደለም፣ የቀዘቀዘም አይደለም።»

ሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። አርሴማ እናቱ ቤት መሄዷን ለመላው ገበያ መናገሯን ያወቀችው ያኔ ነው። አባቷ ግን የረጠበውን ጭራሮ በዳበሳ ይሰበስብ ነበር።

ሶፎንያስ ከዕቃ ቦርሳው ቴርሞሜትሩን አወጣ። በርሜሉ ውስጥ ነከረው። ጠበቀ። «ሃያ ስድስት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል» አለ። ከዚያ ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ ምንጩ ቧንቧ ሮጠ፣ ውሃውን በጣሳ ቀዳ፣ ለካ። ሲመለስ ጣሳውን በሁለት እጁ ይዞት ነበር፣ እንደ ጸበል።

«አሥራ ሦስት» አለ።

«ምኑ?»

«የእናንተ ውሃ። የሚነሳው ከአሥራ ሦስት ነው። እኔ ከሃያ ስድስት አስነሳሁት።» ጭንቅላቱን ያዘ። «አንድ ሰዓት ሙሉ የበላው መብራት ውሃውን ከጨንቻ አርባ ምንጭ ነው ያደረሰው። ገና አሁን ነው ሲቀላ የደረሰው!»

አርሴማ ሳቋ አመለጣት። «አየህ፣ ውሃውን ከአርባ ምንጭ መናኸሪያ አሳፈርከው፤ እሱ ግን የተሳፈረው ከዚህ ነው። ታሪፉ እንዴት አንድ ይሆናል?»

«አይሆንም። ጭነቱ ያው ሁለት መቶ ሊትር ነው፤ መንገዱ ነው የረዘመው።» የሳሙና ካርቶን ቀደደላት፣ እስኪርቢቶውን ሰጣት፤ እሱ እየጠራ እሷ ጻፈች። አርባ ሲቀነስ አሥራ ሦስት፣ ሃያ ሰባት። ሃያ ሰባት በሁለት መቶ፣ በአራት ነጥብ ሁለት፤ ሃያ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ሰማንያ። ለሦስት ሺህ ስድስት መቶ ሲካፈል፣ ስድስት ነጥብ ሦስት። አርሴማ ሁለት ጊዜ አባዛችው። ሁለቱም ጊዜ ያው ወጣ።

ሶፎንያስ ካርቶኑን ይዞ አበጋዝ ፊት ቆመ። ላብ አልቦታል፣ በዚያ ብርድ።

«ጋሽ አበጋዝ፣ የነገርኩዎት ስህተት ነው። በርሜሉ የሚበላው አሥራ ሦስት ብር አይደለም፣ ሃያ አምስት ነው። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ለአንድ ሰው ብር ከሰላሳ ያልኩት ሁለት ብር ተኩል ነው። የሚፈጀውም አንድ ሰዓት አይደለም፣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሳልለካ ነው የነገርኩዎት።»

አበጋዝ ካርቶኑን ተቀብሎ በመዳፉ ዳበሰው። ጉሙ በመካከላቸው አለፈ።

«ሃያ አምስት» አለ በመጨረሻ። «ከመቶ ሃያው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ያልከው ውሃ አሁንም ቀዝቃዛ ነው።»

«የቀረው አሥራ አራት ዲግሪ ነው። አሁን ሃያ ስድስት ላይ ነው፤ አሁን ነው የኔ ሒሳብ ልክ የሚሆነው!» አለ ሶፎንያስ። «አሁን ብናበራው ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ አርባ ይገባል። ካልገባ እኔው ራሴ ተንበርክኬ እሳቱን እፍ እላለሁ።»

«የሰጠኸው አንድ የገበያ ቀን ነው፣ አባዬ፤ ገና አልመሸም» ብላ አርሴማ ወደ ሰልፉ ዞረች። «የሰማችሁ ሰምታችኋል! የሚጠብቅ ዛሬ በነፃ ይታጠባል። የማይጠብቅ ሳሙናውን ይመልስ!»

«እኔ አረፋዬ ጆሮዬ ላይ ደርቋል፣ የት እሄዳለሁ?» አለ ይፍሩ።

እትዬ ሙሉዬ ቅርጫቷን አስቀምጣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «በነፃ ከሆነ እስከ ማታም እጠብቃለሁ።»

ማብሪያው ተጫነ። ሁሉም በርሜሉን ያየዋል፤ በርሜሉ ማንንም አያይም። ከቁልቁለቱ ነፋስ ተነሣና ቆርቆሮውን አንኳኳ። ሶፎንያስ እጁን በርሜሉ ጎን ላይ አድርጎ «ነፋሱ እየሰረቀን ነው» አለ። «ከውስጥ እናሞቃለን፣ ከውጭ ይወስዳል። በሒሳቡ ውስጥ እሱን አላስገባሁትም።»

አበጋዝ ይኼን ሲሰማ ትከሻው ላይ የነበረውን ቡሉኮ አወለቀ። ቡሉኮው ወፍራም ነው፣ ለጨንቻ ብርድ የተሠራ፤ ጥጡን ልክነሽ ፈትላው፣ ዓይኑ ደህና ሳለ እሱ ራሱ የሸመነው። ከሞተች ወዲህ ከላዩ አውርዶት አያውቅም።

«አባዬ፣ ያንንማ ተው» አለች አርሴማ።

«ያዢው በዚያ በኩል።»

«ልብስ አያሞቅም እኮ፣ ጋሽ አበጋዝ» አለ ሶፎንያስ፣ ሊከለክለው ፈልጎ።

«አውቃለሁ። የሞቀውን ይጠብቃል። ሰውም ላይ የሚሠራው ይኼንኑ ነው።»

ሽቦው የሚገባበትን ጎን ክፍት ትተው በርሜሉን አለበሱት፣ በገመድ ወገቡን አሰሩት፣ አናቱን በደረቅ የእንሰት ቅጠል ከደኑት። ይፍሩ «ሙሽራው ለበሰ፣ ሚዜው የታል?» አለ። አበጋዝ በሹራብ ብቻ ቀረ፤ አርሴማ ነጠላዋን አለበሰችው፣ እሱ መልሶ እሷን አለበሳት፣ እንደዚያ ሲለባበሱ ግማሽ ነጠላ ለያንዳንዳቸው ደረሰ። ሶፎንያስ አንድ ቀጭን ሸሚዝ ለብሶ ነው የመጣው። የላንቴ ልጅ ብርድ ሲባል ወሬ ይመስለዋል። ከንፈሩ ቡላ መስሏል፤ ግን ከቴርሞሜትሩ ዓይኑን አልነቀለም።

«ሠላሳ አንድ» ይላል። ገበያው ከላይ መንጫጫት ይጀምራል። «ሠላሳ አራት።» ክፍሉ ውስጥ ያለችው አምፖል ድንገት ደብዘዝ ትላለች። የሁሉም ትንፋሽ ቆመ፤ በገበያ ቀን መብራት መጥፋቱ ብርቅ አይደለም። እትዬ ሙሉዬ «ኧረ በማርያም፣ ቅቤዬን ሳልሸጥ!» አለች። አምፖሏ ብልጭ ብላ፣ አስባበት፣ ተመለሰች። አርሴማ የሶፎንያስን እጅ ጨብጣ ነበር፤ ከጨበጠች በኋላ ነው ያወቀችው። ለቀቀችው። እሱ አልለቀቃትም።

«ሠላሳ ሰባት።»

ሁለት ሰዓት ከአሥር ሲሆን «ሠላሳ ዘጠኝ» አለ፣ ድምፁ ተቆራርጦ። ሩብ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ማብሪያውን ሄዶ አጠፋና ዞር ብሎ አበጋዝን አየው።

አበጋዝ ወደ በርሜሉ ተራመደ። ቴርሞሜትሩን አልጠየቀም። የእንሰቱን ቅጠል ገለጥ አድርጎ እጅጌውን ሰበሰበና ክርኑን ነከረ። መዳፉን አይደለም፣ ክርኑን። አርሴማ ትንሽ ሳለች ያጥባት የነበረው እንደዚያ ነበር፤ መዳፉ በሽመና መወርወሪያና በእንጨት ደንዝዞ ስለነበር ለልጁ ገላ አላመነውም፤ ክርኑን ነበር የሚያምነው። እሷ ያንን ታስታውሳለች ማለት አይቻልም፣ ሕፃን ነበረች። ግን ሲነክረው ስታየው ሳታውቀው የራሷን ክርን ያዘች።

ክርኑን ውሃው ውስጥ አቆየው። አቆየው።

«ይፍሩ» አለ።

«አቤት።»

«ግባ።»

ይፍሩ ገባ። ቧንቧው ተከፈተ። ለጥቂት ጊዜ ውሃው ብቻ ነበር የሚሰማው። ከዚያ ፉጨቱ ጀመረ፣ ከተቋረጠበት ቦታ። ከዚያም ፉጨቱ ዘፈን ሆነ፤ ዘፈኑም ማለቂያ አጣ፤ አርሴማ በሩን በጡጫ መታችው። «አንተ ሰውዬ፣ በርሜሉን ልትጨርሰው ነው? አንድ ባልዲ ነው ሒሳቡ!»

«በነፃ ብለሻል!»

«ነፃም ልክ አለው!»

ሰውየው በመጨረሻ እንፋሎት ለብሶ ሲወጣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አበጋዝ» አለ፣ ከልቡ። እትዬ ሙሉዬ ተተካች። ከእሷም በኋላ ሌላው፣ ሌላውም። ዘጠነኛው ሲወጣ በርሜሉ ባዶ ሆነ፤ የአሥረኛው ባልዲ ጭራሮው ላይ ፈስሷልና፣ በሒሳቡ እንደተባለው። ሶፎንያስ ጥግ ላይ ጣውላ ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ ራሱን አቅፎ ነበር። ጥርሱ ይንገጫገጫል።

አበጋዝ ገመዱን ፈታ። ቡሉኮውን ከበርሜሉ ላይ ገፈፈ፤ ሲገፍፈው እንደ አዲስ ዳቦ ይሞቅ ነበር። አርሴማ መልሶ ሊለብሰው መስሏት እጇን ዘረጋች። እሱ አልፏት ሄደ፣ እጁን ከፊቱ እያስቀደመ፣ ጣውላው ጋ እስኪደርስ። የሶፎንያስን ትከሻ በመዳፉ ፈልጎ አገኘና ቡሉኮውን ከነሙቀቱ ጣለበት። ደረቱ ላይ አጣመረለት፤ ለልጅ እንደሚያጣምሩት።

«ጋሽ አበጋዝ፣ ይኼ የእርስዎ…»

«ዝም በል። አንተም ከሃያ ስድስት ነው የመጣኸው፤ እዚህ ለመሞቅ ጊዜ ይፈጅብሃል።» የቡሉኮውን ጫፍ አስተካከለለት። «ይኼን ቡሉኮ ለባዳ አልሰጥም፣ እወቀው። እናትህ ቤት ቧንቧው ለብ ያለ መሆኑን የነገረችኝ ልጅ አለች።»

አርሴማ ፊቷ ነደደ። ያለ እንጨት፣ ያለ መብራት፣ ያለ ሒሳብ። «አባዬ፣ ይኼን ሁሉ ታውቅ ነበር እንዴ?»

«ዓይኔ ነው የደከመው፣ ጆሮዬ ምን ሆነ? ሲቀላ ደውለሽ ስትሳደቢ የምታድሪው ከማን ጋር እንደሆነ የማላውቅ መሰለሽ?»

የይፍሩ ሳቅ ለመታጠቢያ ክፍሎቹም ተረፈ። አበጋዝ ወደ እሱ ዞረ፤ በዚህ ጊዜ የዞረው ወደ ትክክለኛው ይፍሩ ነው፣ ወደ ካፖርቱ አይደለም።

«ከኋላ ያለውን ባሕር ዛፍ ተሸክመህ ለሙሉዬ አህያ ጫንላት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ድንጋዮቹንም ከፈለገች ትውሰድ።»

«ነገ መብራት ቢጠፋስ?» አለ ይፍሩ።

አበጋዝ የአሮጌውን በርሜል ጎን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ ቀዝቅዟል። «ነገ መብራት ከጠፋ ጨንቻ አንድ ቀን ሳይታጠብ ይዋል። ሞቶ ያውቃል?»

አርሴማ ጎማውን ይዛ ወደ ምንጩ ቧንቧ ሄደች፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰልፍ አለ። ሶፎንያስ ቡሉኮውን እየጎተተ ተከተላት። በርሜሉ ሲሞላ ቴርሞሜትሩን አወጣና ነከረው።

«አሁን ደግሞ ምን ፈለግህ?» አለችው። «አሥራ ሦስት መሆኑን አላወቅህም?»

«ፀሐይ ወጥታለች» አለ። «ምናልባት አሥራ አራት ይሆናል። ከእንግዲህ ሳልለካ አልናገርም።»

አብረው ጎንበስ ብለው ጠበቁ፤ ከኋላቸው አበጋዝ በጠራ አየር ውስጥ ቆሞ፣ ሳይስል፣ ተራራውን እያየ ነበር፣ ወይም ተራራው አለበት ወደሚለው አቅጣጫ።